ቁርጭምጭሚት ለምን ደጋግሞ ወለም ይላል? የሚዛን ልምምድስ ምን ይሠራል?

ቁርጭምጭሚቱ አንዴ ወለም ያለው ሰው ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ሲወለም ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ፣ ሰበቡ ሞልቷል። ኮብልስቶኑ ይነቀልና ጉድጓድ ይሆናል። የእሁድ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ጠጠር ነው። በእንጦጦና በሱሉልታ የሚሮጡትም የሚረግጡት ሥርና ድንጋይ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በመንገዱ ማላከክ ግን አይቻልም፤ በዚያው መንገድ ጎረቤቱ በሰላም ያልፋል።

አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ያን ጊዜ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ፣ አንዳንዴም ይበጠሳሉ። ጅማት ሥራው አጥንትን ከአጥንት ማያያዝ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያሉት የነርቭ ጫፎች መገጣጠሚያው ወዴት እንደዞረ ለአንጎል ይነግራሉ። ጅማቱ ሲጎዳ ይህ መልእክት ይዳከማል፤ በቅልጥም ውጫዊ ጎን ያሉት፣ እግርን ወደ ውጭ የሚመልሱት ጡንቻዎችም ይዘገያሉ። ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር። የሚዛን ልምምድንም እንደ መፍትሔ አብረው አነሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙ ሰው ይስታል። እግር አንዴ መታጠፍ ከጀመረ በጣም ፈጣን ነው፤ ጡንቻ ነቅቶ ለማዳን ብዙውን ጊዜ አይደርስም። ስለዚህ ልምምዱ የሚጠቅመው እግሩ መሬት ሳይነካ በፊት በትክክል እንዲዘጋጅ፣ ካረፈ በኋላም ጥቃቅን መወዛወዞችን ቶሎ እንዲያርም በማድረግ ጭምር ነው።

እንበል፣ የ24 ዓመት የሰፈር ኳስ ተጫዋች ነው። ቀኝ እግሩ ሲወለም ይህ ሦስተኛው ነው። በየጊዜው እብጠቱ ሲጎድል፣ ሕመሙም ሲለቀው፣ “ተሻለኝ” ብሎ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ችግሩ እዚህ ነው፤ ሕመም ሲጠፋ ሚዛን አብሮ አይመለስም። ይህን ለማወቅ ባዶ እግሩን ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ይቁም፣ ከዚያም ዓይኑን ይጨፍን። በግራው ረጋ ብሎ ቆሞ በቀኙ ቶሎ ቶሎ ግድግዳ የሚይዝ ከሆነ መልሱን አገኘ።

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ገደማ፣ ለ8 ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ወለል ላይ በአንድ እግር ለ30 ሰከንድ ይቆማል፤ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። ቀጥሎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወይም በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ይቆማል። ያ ሲቀለው እንደቆመ ኳስ ከግድግዳ ጋር ይቀባበላል፣ ጉልበቱንም ቀስ ብሎ እያጠፈ ይዘረጋል። መጨረሻ ላይ ወደ ፊትና ወደ ጎን እየዘለለ በአንድ እግር ያርፋል፤ ካረፈ በኋላ ሳይነቃነቅ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ደረጃው የሚቀየረው በካላንደር ሳይሆን እግሩ ሲችል ነው። ምንም ካልተወዛወዘ ቀሎታል ማለት ነው፣ ይጨምር። ከልምምዱ በኋላ ካበጠ ወይም ሕመሙ ለነገ ካደረ ደግሞ አብዝቶታል።

ይሠራል ወይ? በኔዘርላንድስ 522 ስፖርተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁሉም በቅርቡ ወለም ብሏቸው ነበር። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 33 በመቶው በዓመት ውስጥ ዳግም ወለም አላቸው። በዚያ ላይ ቤታቸው ለ8 ሳምንት ሚዛን እንዲለማመዱ ከተደረጉት ግን 22 በመቶው። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሆኖም ከአምስቱ አንዱ አሁንም ይወለማል። ለዚህ ነው በጨዋታ ቀን ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ወይም በፕላስተር መጠቅለል ተጨማሪ ጥቅም ያለው።

ልምምድ የማይነካው ነገርም አለ። በተጎዳበት ቀን አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ሲነካ የሚያመው ሰው መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። ያበጠውን እግር ይዞ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሳሸት እብጠቱን ሊያባብስ፣ ስብራቱንም ሊደብቅ ይችላል። ሳምንታት ሙሉ በደንብ ተለማምዶም በደልዳላ መንገድ ላይ እግሩ የሚከዳው፣ መገጣጠሚያው የሚቆልፍበት ወይም ውስጥ ውስጡን የሚያመው ሰው ደግሞ ወደ አጥንት ሐኪም መሄድ አለበት፤ የጅማቱ መላላት ወይም የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት ጉዳት በምርመራ ይለያል።