ስለ ጋራ ኢሜይላችን አዲስ ሌብሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለሁሉም ሠራተኞች፦

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቢሮው የጋራ ጂሜይል የሚገባ መልእክት ሁሉ ሁለት ዓይነት ሌብል ይኖረዋል። አንዱ ጉዳዩን ይናገራል፦ ፕሮፎርማ፣ ክፍያ ወይም ቅሬታ። ሌላው ጉዳዩ የደረሰበትን፦ የተያዘ፣ መልስ የሚጠበቅ ወይም ያለቀ። ወሬው ከተሰማ ወዲህ በየጠረጴዛው የሚባለውን ሰምቻለሁና መልሱ እነሆ።

«ከተነበበ ሰው ይዞታል ማለት ነው።»

ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። የምንገባው አንድ አካውንት ውስጥ ስለሆነ አንዳችን ስንከፍተው ለሁላችንም የተነበበ ይሆናል፤ ቡና ይዞ እግረ መንገዱን ያየውም ቢሆን። ባለፈው ወር የቶነር ዋጋ ለጠየቀ አንድ ደንበኛ በአንድ ጠዋት ሁለት ፕሮፎርማ ሄደለት፣ ዋጋቸው የተለያየ። እሱም በርካሹ ያዘን፤ ማን አይዝም?

ስለዚህ መልስ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት «የተያዘ» ሥር በስማችሁ የተከፈተውን ንዑስ ሌብል ለጥፉ። ዋጋው ሲላክ «መልስ የሚጠበቅ» ይጨመራል፤ ስማችሁ ግን አይነሳም፣ ደንበኛው ሲመልስ ጉዳዩ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። ሲጠናቀቅ ሁለቱን አንስታችሁ «ያለቀ» ለጥፉና Archive በሉት። ደንበኛው ከሳምንት በኋላ እዚያው ላይ ቢጽፍ መልእክቱ «ያለቀ» እንደተለጠፈበት ወደ ኢንቦክስ ይመለሳል። መጀመሪያ ያየው ሰው ያንን ሌብል ያንሳ፤ አለዚያ ሁሉም አልፎት ይሄዳል።

«ሌብል ያው ፎልደር ነው፤ ከክፍያ ባጠፋው ፕሮፎርማ ውስጥ ይቀራል።»

አይቀርም። መልእክቱ አንድ ነው፣ ቅጂ የለውም። Delete ካላችሁት ከሁሉም ቦታ ይጠፋል፤ Trash ውስጥ 30 ቀን ቆይቶ ጨርሶ ይሰረዛል። መንቀል የፈለጋችሁት ሌብሉን ብቻ ከሆነ መልእክቱን ክፈቱና ከሌብሉ ስም አጠገብ ያለችውን × ተጫኑ።

«ደንበኛው ቅሬታ ብለን እንደለጠፍንበት ያያል።»

አያይም። መልስ ስትሰጡም ሆነ ፎርዋርድ ስታደርጉ ሌብል አብሮ አይሄድም። ስክሪንሾት አንስታችሁ ከላካችሁለት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ፊልተሩ ራሱ ስለሚለጥፍ እኛ የምንሠራው የለም።»

ፊልተር የሚያውቀው የተነገረውን ቃል ብቻ ነው። «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ የጻፈ ደንበኛ ያመልጠዋል፤ ማን እንደያዘውም ፊልተር አያውቅም። ስለዚህ ተረኛው በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ መፈለጊያው ውስጥ ይህን ይጻፍ፦

```
in:inbox has:nouserlabels
```

የሚወጣው ሌብል ያልተለጠፈበት መልእክት ነው። ሌብል ያለው ንግግር ላይ የመጣ አዲስ መልስም አንዳንዴ አብሮ ይወጣል፤ እሱን ለባለቤቱ መንገር ይበቃል። የቀረውን ተረኛው ጉዳዩን ለይቶ ይለጥፍበትና ለሚመለከተው ሰው በቃል ይንገር።

የቢሮ ሥራ አስኪያጅ