«የሥራ ቀን» ምንድን ነው? የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ቀን ከመጻፋችን በፊት

«ከ6 እስከ 16 ድረስ የ10 ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ማመልከቻው ጨዋ ነው። ሒሳቡ ግን የለም። 10 የመጣው ከ16 ላይ 6 ተቀንሶ ነው። 6 ራሱም የእረፍት ቀን መሆኑ ተረስቷል፤ ሁለቱ ጫፎች ሲቆጠሩ 11 ቀን ይሆናል። መሃል ላይ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አሉ። በዓልም ሊኖር ይችላል። የሰው ሀብት ክፍሉ ወይ ወረቀቱን ይመልሰዋል፣ ወይ ራሱ ቆጥሮ የመሰለውን ቁጥር ይመዘግባል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ቀኑ መጉደሉን የምታውቁት ዓመቱ ሲያልቅ ነው።

የሥራ ቀን ማለት መደበኛ ፕሮግራማችሁ ሥራ ላይ እንድትገኙ የሚጠብቅባችሁ ቀን ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ፈቃድ ባልወጣ ኖሮ ያን ቀን ሥራ እገባ ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀኑ ከፈቃዳችሁ ይቀነሳል። «አይ» ከሆነ አይነካም። የበዓሉን ነገር ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው 132ኛው ስምምነትም ታገኙታላችሁ፤ ሕዝባዊና ልማዳዊ በዓላት ከዝቅተኛው የዓመት ፈቃድ ላይ አይቆጠሩም ይላል። ፈቃድን በካላንደር ቀን የሚቆጥሩ ድርጅቶችም ስላሉ፣ የእናንተ ደንብ «የሥራ ቀናት» ማለቱን አንዴ አረጋግጡ።

አሁን እንቁጠር። 10 የሥራ ቀን እንፈልጋለን። የሥራ ሳምንቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የምንጀምረው ሰኞ 6 ቀን ነው። በመሃል ሁለት በዓላት አሉ፤ አንዱ ቅዳሜ 11፣ ሌላው ረቡዕ 15።

ካላንደር ላይ ጣት እየሰደዱ መቁጠር ምንም አያሳፍርም። ከሰኞ 6 እስከ ዓርብ 10 አምስት ቀን ነው። 11 እና 12 ቅዳሜና እሁድ ናቸው፣ ይታለፋሉ። ሰኞ 13 ስድስተኛ፣ ማክሰኞ 14 ሰባተኛ። ረቡዕ 15 በዓል ነው፣ ይታለፋል። ሐሙስ 16 ስምንተኛ፣ ዓርብ 17 ዘጠነኛ። ቅዳሜና እሁድ እንደገና ይዘለላሉ። ሰኞ 20 አሥረኛ። ስለዚህ የመጨረሻው የእረፍት ቀን ሰኞ 20 ነው፤ ሥራ የምንገባው ማክሰኞ 21 ነው።

በሌላ መንገድ አጣሩት። 20 ሲቀነስ 6፣ 14 ይሆናል። አንድ ጨምሩበት፣ 15። ከዚህ ላይ አራት የቅዳሜና እሁድ ቀናት ሲወጡ 11 ይቀራል። የረቡዑ በዓል ሲወጣ 10። ልክ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሸወደው በቅዳሜው በዓል ነው። «ሁለት በዓል አለ» ብሎ ሁለቱንም ሲቀንስ 9 ያገኛል። ከዚያ «አንድ ቀን ተርፎኛል» ብሎ እስከ 21 ይጽፋል። ቅዳሜ 11 ግን ቅዳሜ ሆኖ አስቀድሞ ወጥቷል። አንድ ቀን ሁለቴ አይወጣም። በአንዳንድ አገሮች ቅዳሜ ወይም እሁድ የዋለ በዓል በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተካል። ያ ሲሆን የምታወጡት ተተኪውን ቀን ነው።

ቅዳሜ የሚሠራ ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጥበታል። በስድስት ቀን ሳምንት ይኸው የቅዳሜ 11 በዓል ዋጋ ያገኛል፤ ሥራ የሚገባበት ቀን ነበርና። እንዲህ ያለው ሰው ዓርብ 17 ላይ ዘጠኝ ይደርሳል፣ ቅዳሜ 18 አሥር ይሞላለታል፣ ሰኞ 20 ሥራ ይገባል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ እንደ ሙሉ ይቆጥረው እንደ ግማሽ መጠየቅ ግድ ነው። እንደ ግማሽ ከቆጠረው 9 ተኩል ላይ ሆናችሁ ሰኞ 20ን ለግማሽ ቀን ታርፋላችሁ። በዚህ ጊዜ 9 ተኩል ወይም 10 ተኩል ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

ቆጠራው ልክ ሆኖም «እስከ» የምትለው ቃል ታበላሸዋለች። እኔ አንዴ «እስከ ሰኞ» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞን ላርፍበት ነበር፤ አለቃዬ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ይጠብቀኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ሁለታችንም አማርኛችን ልክ ነበር። አነጋገራችን ራሱ ዛሬን አንዴ ይቆጥራል፣ አንዴ አይቆጥርም። «የዛሬ 15 ቀን» ስንል እኮ የምንገናኘው ከ14 ቀን በኋላ ነው፤ ዛሬን አብረን ስለቆጠርን። «ሁለት ሳምንት» ሲባልም አንዱ 10 የሥራ ቀን ይሰማዋል፣ ሌላው 14 ቀን።

ስለዚህ ማመልከቻው ላይ አራት ነገር አንድ ላይ ይግባ፦ የመጀመሪያው የእረፍት ቀን፣ የመጨረሻው የእረፍት ቀን፣ የሥራ ቀናቱ ብዛት፣ ሥራ የምትገቡበት ቀን። የቀኖቹን ስም አትርሱ፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ስሙ ያጋልጠዋል።

«ከሰኞ 6 ቀን ጀምሮ እስከ ሰኞ 20 ቀን ድረስ፣ ሁለቱንም ቀናት ጨምሮ፣ ረቡዕ 15 የሚውለው በዓል ሳይቆጠር፣ የ10 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ 21 ቀን በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።»

ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን እናንተ ጨምሩ።

በኤክሴል መቁጠር ለሚወድ፣ መጀመሪያው ቀን A2፣ መጨረሻው B2፣ በዓላቱ ከD2 እስከ D10 ተጽፈዋል እንበል።

```
=NETWORKDAYS(A2,B2,D2:D10)
=WORKDAY(A2-1,10,D2:D10)
=WORKDAY(B2,1,D2:D10)
```

የመጀመሪያው ስንት የሥራ ቀን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ሁለቱንም ጫፍ ይቆጥራል፣ ቅዳሜ የዋለን በዓልም ሁለቴ አያወጣም። ሁለተኛው 10 ቀኑ የሚያልቅበትን ቀን ያወጣል። እዚያ ላይ ያለው «-1» ቀልድ አይደለም። `WORKDAY` መነሻውን ቀን ስለማይቆጥር፣ ካልቀነሳችሁለት የ11ኛውን ቀን ይሰጣችኋል። ሦስተኛው ሥራ የምትገቡበት ቀን ነው። እሁድን ብቻ ለሚያርፍ `NETWORKDAYS.INTL(A2,B2,11,D2:D10)` አለ። በዓላቱን እናንተ ካልጻፋችሁለት ኤክሴል አንዱንም አያውቅም።

በጨረቃ መታየት የሚወሰን በዓል ካለ ግን ኤክሴልም አያድንም፤ በአንድ ቀን ሊገፋ ይችላል። ዓርብ ይውላል የተባለው ቅዳሜ ከዋለ፣ ዓርብ የሥራ ቀን ሆኖ ከፈቃዳችሁ አንድ ይበላል። እንዲህ ሲሆን ማመልከቻው መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በዓሉ ዓርብ ካልዋለ የፈቃዴ ቀናት 11 ተደርገው እንዲያዙልኝ።» ቀሪ ፈቃዳችሁ ያን አንድ ቀን መሸከሙን ግን ከመፈረማችሁ በፊት እዩ።