የብስክሌት ቀረጥ በመቶኛ ወይስ በፍሬ? ባሕር ዳር ላይ የሚነገረውና እውነታው

«ቀረጡ 30 በመቶ ከሆነ ብስክሌቱም በ30 በመቶ ይወደዳል»

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና የቀረጥ ክርክር እዚህ የሚሞቀው ብዙ ጊዜ ብስክሌት መሸጫ በር ላይ ነው። እኔም ምሳሌዬን ከዚያው እወስዳለሁ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የታሪፍ መጽሐፉን አይተኩም።

መቶኛው የሚሰላው መደብር ውስጥ በሚጠራው ዋጋ ላይ አይደለም። የጉምሩክ ስሌት የሚነሳው ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ፣ ከመድኑ እና ወደ አገር እስኪገባ ከተከፈለው ማጓጓዣ ድምር ነው። ይህ ድምር ለአንድ ተራ ብስክሌት 6,000 ብር ቢሆን፣ 30 በመቶው 1,800 ብር ነው። ቀጥሎ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። እሱ ደግሞ የሚሰላው በ6,000 ላይ ሳይሆን ቀረጡ በተጨመረበት 7,800 ላይ ስለሆነ 1,170 ብር ይሆናል። ብስክሌቱ 8,970 ብር ደረሰ ማለት ነው። ቀረጥ ባይኖር ኖሮ 6,900 ላይ ይቆም ነበር። ልዩነቱ 2,070 ብር ነው፤ የ1,800 ብሩ ቀረጥ ታክሱን ጎትቶ አድጓል። (በገቢ ዕቃ ላይ ሌሎች ክፍያዎችም አሉ፤ ነገሩ እንዳይወሳሰብ ትቻቸዋለሁ።)

ከዚህ በኋላ የመደብሩ ዋጋ በስንት በመቶ እንደሚጨምር የሚወስነው የነጋዴው አሠራር ነው። ለጭነት፣ ለኪራይና ለትርፍ በአንድ ብስክሌት 2,000 ብር ብቻ የሚጨምር ከሆነ ዋጋው ከ8,900 ወደ 10,970 ይወጣል፤ ጭማሪው 23 በመቶ ገደማ ነው። ትርፉን እሱም በመቶኛ የሚያሰላ ከሆነ ግን ሙሉው 30 በመቶ ገዢው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቀረጥ የከፈሉ ሁለት መደብሮች ዋጋቸውን በተለያየ መጠን ቢጨምሩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

«በእያንዳንዱ ብስክሌት ላይ እኩል ብር ቢቆረጥ ለሁሉም ፍትሐዊ ይሆናል»

ብዙ ሰው በቅን ልቦና የሚያምነው ይህንን ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ መፈተሽ ያለበት ይኸው ነው። አንድ ነጋዴ አራት ብስክሌት አስመጣ እንበል። ሦስቱ ለተማሪና ለቀን ሠራተኛ የሚሆኑ ተራ ብስክሌቶች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ 6,000 ብር ነው። አራተኛው ማርሽ ያለው ጥሩ ብስክሌት ሲሆን ዋጋው 22,000 ብር ነው። በ30 በመቶ ሦስቱ ተራዎች 1,800፣ 1,800 ብር፣ ጥሩው 6,600 ብር ይከፍላሉ። መንግሥት በጠቅላላው 12,000 ብር ይሰበስባል።

አሁን ይኸው 12,000 ብር በፍሬ ይቆረጥ እንበል፤ በአንድ ብስክሌት 3,000 ብር ማለት ነው። መንግሥት አንድ ሳንቲም አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ተራው ብስክሌት ግን ከዋጋው ግማሹን ያህል ቀረጥ ተጫነበት፤ የጥሩው ጫና ከ14 በመቶ በታች ወረደ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲታከል ተራው ከ8,970 ወደ 10,350 ብር ይወጣል፤ ጭማሪው 1,380 ብር ነው። ጥሩው ከ32,890 ወደ 28,750 ብር ይወርዳል፤ ቅናሹ 4,140 ብር ነው። የሦስቱን ተራ ብስክሌቶች ጭማሪ ደምሩት፤ ልክ 4,140 ይመጣል። ለጥሩው ብስክሌት ገዢ የተደረገውን ቅናሽ የከፈሉት ሦስቱ ተራ ገዢዎች ናቸው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ አያበቃም። በመቶኛው ሥርዓት የጥሩው ዋጋ ከተራው 3.7 እጥፍ ገደማ ነበር። በፍሬ ሲሆን 2.8 እጥፍ ገደማ ሆነ። ጥሩው ከተራው ጋር ሲነጻጸር ረክሷልና አቅም ያለው ገዢ «ትንሽ ጨምሬ ጥሩውን ልውሰድ» ይላል፤ ነጋዴውም በሚቀጥለው ጭነት ከተራው ቀንሶ ጥሩውን ያበዛል። ኮንቴይነር ውስጥ ቦታ የሚይዘው በመጠን እንጂ በዋጋ ስላልሆነ የማጓጓዣ ወጪም ወደዚያው ይገፋዋል። ከጊዜ በኋላ ርካሽ ብስክሌት ከገበያው ሲጠፋ ሰው «ነጋዴው ደበቀው» ይላል፤ መደበቅ ሳይኖርም ሊጠፋ ይችላል።

አንዳንዱ ይህን እንደ ጥቅም ያየዋል፤ ጥራት የሌለው ዕቃ ይቀንሳል ይላል። እውነት አለበት። ነገር ግን ተራውን ብስክሌት መግዛት ያልቻለ ሰው ጥሩውን አይገዛም፤ በእግሩ ይሄዳል ወይም ለባጃጅ ይከፍላል።

«ዶላር ሲጨምር መንግሥት ቀረጥም ጨመረብን»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ይህ ቅሬታ በየመደብሩ ይሰማ ነበር። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ታሪፍ በአብዛኛው በመቶኛ የተተመነ ስለሆነ፣ መቶኛው ባለበት ቢቆምም የሚከፈለው ብር ያድጋል። 100 ዶላር የሚያወጣ ብስክሌት በ57 ብር ምንዛሪ 5,700 ብር ነው፤ 30 በመቶው 1,710 ብር ይሆናል። በ110 ብር ምንዛሪ ያው ብስክሌት 11,000 ብር ሲሆን ቀረጡ 3,300 ብር ይደርሳል። አዲስ ሕግ አልወጣም፤ ከኪስ የሚወጣው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቀረጡ በፍሬ 1,710 ብር ተብሎ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቆም ነበር። ብስክሌቱ ከነቀረጡ ከ7,410 ወደ 14,300 ብር በመውጣት ፈንታ 12,710 ላይ ይቆማል። መወደዱ አልቀረም፤ ከ93 በመቶ ወደ 72 በመቶ ገደማ ግን ዝቅ ብሏል። በሌላ በኩል የመንግሥት ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 16 በመቶ ገደማ ይሟሽሻል። በብር የተቆረጠ ቀረጥ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ዕድሜው አጭር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ወይ በየጊዜው ይሻሻላል፣ ወይ ትርጉም ያጣል።

ነጋዴዎቹ የሚያነሱት አንድ ነጥብ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዶላሩን ቀድሞውንም ከባንክ ውጭ በውድ ያገኝ የነበረ ሰው የመደብር ዋጋውን የተመነው በዚያ ነበር፤ ቀረጡ ግን ይሰላ የነበረው በባንክ ተመን ነው። ባንኩ ከፍ ሲል የግዢ ወጪው ብዙም ሳይለወጥ የቀረጡ ወጪ ብቻውን ዘለለ። እሱን «ወጪህ አልጨመረም» ማለት አይቻልም።

ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የስሙት ሃውሊ የታሪፍ ሕግ ብዙ ዕቃዎችን በፓውንድ፣ በቁጥርና በመሳሰለው የሚቀርጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የዓለም ዋጋ ክፉኛ ሲያሽቆለቁል የተቆረጠው ሳንቲም ባለበት ቆመ፤ ስለዚህ ማንም ሕጉን ሳይነካው ጫናው ከበደ። ዋጋው በግማሽ የወረደ ዕቃ በፍሬ የሚከፍለው ቀረጥ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ይሆናልና። በመቶኛ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይወርድ ነበር።

«በፍሬ ከተቆረጠ ማጭበርበር ይቀራል»

አንዱ ዓይነት ይቀራል። በመቶኛው ሥርዓት አስመጪው ኢንቮይሱን አሳንሶ ካቀረበ ቀረጡም ያንሳል። ጉምሩክ ይህን የሚይዘው ተመሳሳይ ዕቃ በቅርቡ ከገባበት ዋጋ ጋር በማነጻጸር፣ ውሉንና የባንክ ክፍያ ሰነዱን በመጠየቅ ነው። ያቀረበውን ዋጋ ካልተቀበለው የተመሳሳይ ዕቃን ዋጋ ይዞ ያሰላል። በፍሬ የሚቆረጥ ከሆነ ብስክሌቱን መቁጠር ይበቃል፤ ዋጋው ቢዋሽ የሚተርፍ ነገር የለም።

ውሸቱ ግን ከዋጋው ወደ ስሙ ይሸጋገራል። ብስክሌት በፍሬ 3,000 ብር የሚከፍል፣ መለዋወጫ ደግሞ በኪሎ ትንሽ የሚከፍል ቢሆን፣ ጎማውና መሪው የተነቀለ ብስክሌት «መለዋወጫ» ተብሎ ይመጣና እዚህ ይገጣጠማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የቸርኬው፣ የመሪው፣ የኮርቻውና የሻሲው ቁጥር ሲታይ ልክ ሙሉ ብስክሌት ይሞላል። የታሪፍ አመዳደብ ደንቡም ይህን ያውቃል፤ ተፈታቶ የመጣ ሙሉ ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ነው የሚመደበው።

መለኪያው ኪሎ ቢሆንስ? የብረት ብስክሌት ከባድና ርካሽ፣ የአሉሚኒየሙ ቀላልና ውድ ስለሆነ ርካሹ በብር ሲሰላ እንኳ ከውዱ የበለጠ ይከፍላል። ከላይ ያየነው የሦስቱ ተራ ብስክሌቶች ችግር ይብሳል እንጂ አይሻሻልም።

«ሁለቱን ቢያዋህዷቸው ሚዛኑ ይጠበቃል»

የሚዋሃዱበት መንገድ ሁለት ነው፤ ውጤታቸውም ይለያያል። አንደኛው መደመር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሲጋራን በመቶኛም በፓኬትም ያስከፍላል። እዚያ ዓላማው ርካሹም ሲጋራ እንዲወደድ ስለሆነ በፓኬት መቁረጡ ምክንያት አለው፤ ከርካሹ ወደ ባሰ ርካሽ መሸሽን ይከለክላል። ብስክሌት ላይ ይህ ዓላማ የለም።

ሁለተኛው «ከሁለቱ የሚበልጠው» የሚለው ነው። «30 በመቶ ወይም በፍሬ 2,000 ብር፣ የሚበልጠው» ቢባል፣ 2,000 ለ0.30 ሲካፈል 6,667 ብር ገደማ ይመጣል። ከዚህ በላይ ዋጋ ላለው ብስክሌት የፍሬው ቀረጥ እንደሌለ ይቆጠራል። ባለ 22,000 ብሩ 6,600 ብሩን እንደ ቀድሞው ይከፍላል። ባለ 6,000 ብሩ ግን በ1,800 ፈንታ 2,000 ብር ይከፍላል፤ ባለ 4,000 ብር የልጆች ብስክሌትም ያንኑ 2,000 ብር፣ የዋጋውን ግማሽ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሲያጋጥም የፍሬውን ብር ለመቶኛው አካፍሎ ድንበሩን ማግኘት፣ ከዚያም ከድንበሩ በታች የትኛው ዕቃ እንደሚውልና ማን እንደሚገዛው ማየት ነው።