የምንዛሪ ልዩነት ምንድን ነው? ከዱባይ የተላከው 1,000 ዲርሃም ፒያሳ እስኪደርስ

በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን እናቴ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ፊት ቆማ የተሰጣትን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው ታናሽ እህቴ ማታውን ደውላ «እማዬ፣ 1,000 ዲርሃም ልኬልሻለሁ፤ 35 ሺህ ብር ይደርስሻል» ብላት ነበር፤ ገንዘብ ከፋዩ ያስረከባት ግን 33,373 ብር ነበር። እናቴም «ልጄ፣ እስቲ እንደገና እየው፤ ተሳስተህ ይሆናል» ብትለው ወጣቱ ሳይቆጣ ደረሰኙን ወደ እርሷ አዙሮ ቁጥሩን በጣቱ አሳያት። የተላከላት ያው ነው። እህቴ በበኩሏ የከፈለችው የአገልግሎት ክፍያ 20 ዲርሃም ብቻ ስለነበረ፣ የቀረውን ገንዘብ አንድ ሰው መንገድ ላይ የወሰደባት መስሏት ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች።

ገንዘቡን የሰረቀ ሰው የለም። ያሳነሰው የምንዛሪ ልዩነት የሚባለው ነገር ነው። ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ከላኪው የሚያገኙት ገቢ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው መስኮቱ ላይ ተነግሮ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው ድርጅቱ አንዱን ገንዘብ በሌላው ሲመነዝር ገበያው ከሚሰጠው ዋጋ ዝቅ አድርጎ በማሰብ ለራሱ የሚያስቀረው ነው፤ የምንዛሪ ልዩነት የምንለውም ይህንኑ ነው። ደረሰኙ ላይ «ክፍያ» በሚል ስም ስለማይጻፍና በተመኑ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚያልፍ፣ ላኪው አንድም ሳንቲም እንደከፈለ ሳያውቅ ይከፍላል።

ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ በሚላክ ገንዘብ ላይ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይገባል፤ ዲርሃሙ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ከዚያ ዶላሩ ወደ ብር ይመነዘራልና። የመጀመሪያውን መመዘን ቀላል ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ዲርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ሲሆን አንድ ዶላር 3.6725 ዲርሃም ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ የተጠየቀ ማናቸውም ቁጥር የአስተላላፊው ድርሻ መሆኑ ግልጽ ነው። በብር በኩል ግን ነገሩ ይጠጥራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዕለታዊ ተመን ስለሚያወጡ፣ አንድ ዶላር በአንዱ መስኮትና በሌላው የተለያየ ብር ሊያስገኝ ይችላል።

እህቴ ደረሰኟን ፎቶ አንሥታ በስልክ ልካልኝ ከእናቴ ደረሰኝ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አሰላሁት፤ ለማስረዳት እንዲቀል ተመኖቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። እህቴ 35 ሺህ ያለችው ከመሬት ተነሥታ አልነበረም። የባንኩን የዕለቱን የመግዣ ዋጋ፣ ማለትም 130 ብርን በስልኳ አይታ ነበር፤ 1,000 ዲርሃም በ3.6725 ሲካፈል 272.29 ዶላር፣ ይህም በ130 ሲባዛ ወደ 35,398 ብር ይሆናል። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ 20 ዲርሃሙ ተቀነሰና 980 ቀረ። ቀጥሎ አስተላላፊው ዶላሩን በ3.6725 ፋንታ በ3.70 አሰበባት፤ 264.86 ዶላር ሆነ። በመጨረሻም ዶላሩን በ130 ፋንታ በ126 ብር መነዘረው፤ እናቴ የቆጠረችው 33,373 ብርም ከዚህ መጣ።

የጎደለው 2,025 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ እህቴ አውቃ የከፈለችው 20 ዲርሃም ወደ ብር ሲለወጥ 708 ብር ያህል ብቻ ነው። በዲርሃምና በዶላር መካከል 258 ብር፣ በዶላርና በብር መካከል ደግሞ 1,059 ብር ያህል ሄዷል። ከጎደለው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ማንም ያልነገራት ክፍያ ነበር ማለት ነው። ይህ እኔን ከምንም በላይ ያሳዘነኝ ነገር ነው፤ የሰው ቤት ስትጠርግና ልጅ ስታሳድግ ውላ ያገኘችውን ገንዘብ የምትልክ ሴት ስንት እንደምትከፍል ሊነገራት ይገባ ነበር። ጠቅላላው ወጪ ከላከችው 5.7 በመቶ ይሆናል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዘላቂ ልማት ግቦች በ2030 እ.ኤ.አ. ይህ ወጪ ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ያስቀምጣሉ።

ሁለቱን የወጪ ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም በሌላ አቅጣጫም ይታያል። ብዙዎች «አጠራቅመሽ ላኪ፣ ክፍያው ይቀልልሻል» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ለአገልግሎት ክፍያው እውነት ነው፤ 20 ዲርሃም ከ250 ዲርሃም ላይ 8 በመቶ ሲሆን ከ1,000 ላይ ግን 2 በመቶ ብቻ ነው። የምንዛሪ ልዩነቱ ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ማጠራቀም አያሳንሰውም። «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚል ማስታወቂያም ይህንን ልዩነት አይነካም፤ ክፍያውን ትቶ ተመኑን የሚያሳንስ ድርጅት ከማንም በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ልዩነቱን ለማየት ተመኖቹን አንድ በአንድ ማጥናት አያስፈልግም። ላኪው ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት «ከኪሴ በጠቅላላው ስንት ዲርሃም ይወጣል? አዲስ አበባ ላይ ስንት ብር እጅ ይገባል?» ብሎ ይጠይቅና ብሩን ለዲርሃሙ ያካፍል። በእህቴ ጊዜ 33,373 ለ1,000 ሲካፈል 33.37 ብር ይሆናል፤ የባንኩ ተመን ያለ ምንም ወጪ የሚያስገኘው ደግሞ 35.40 ነበር። ይህ አንድ ቁጥር የአገልግሎት ክፍያውንም የተደበቀውንም ልዩነት አንድ ላይ ስለሚይዝ ድርጅትን ከድርጅት ለማወዳደር ይበቃል። ሲወዳደር ግን ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ባንኮች የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ለየብቻ ስለሚለጥፉ፣ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ መመዘን ያለበት ዝቅ ባለው በመግዣው ነው። ደግሞም የላኪው ደረሰኝ የሚደርሰውን መጠን በብር ሳይሆን በዶላር ብቻ የሚጽፍ ከሆነ፣ የብሩ ተመን ገና አልተቆረጠም ማለት ነውና ስሌቱ የሚያስተማምን አይሆንም።

እህቴ በሚቀጥለው ወር ደመወዟን ተቀብላ ሁለት መስኮቶች ላይ ይህንኑ ጠየቀች። የመጀመሪያው ያው የቀድሞው ሲሆን ተመኑም እንደነበረ ነበር። ሁለተኛው 25 ዲርሃም የአገልግሎት ክፍያ ስለጠየቃት ትታው ልትወጣ ነበር፤ ቆም ብላ የሚደርሰውን ብር ብትጠይቀው ግን ዶላሩን በ3.68፣ ብሩንም በ129.50 እንደሚያስብላት ነገራት። 975 ዲርሃሙ 34,310 ብር ያህል ሆነ፤ በዲርሃም 34.31 ብር ማለት ነው። አምስት ዲርሃም ጨምራ ከፍላ ከበፊቱ 937 ብር የሚበልጥ ላከች። የዚያን ዕለት ማታ ስትደውል ለእናቴ የነገረቻት በዲርሃም ሳይሆን በብር ነበር፤ እናቴም በማግስቱ ፒያሳ ሄዳ አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።