ጳጉሜ 6 የምትሆነው ለምንድን ነው?

«ዘንድሮ ጳጉሜ 5 ናት ወይስ 6?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ስለሚነሳ ከሥሩ እንየው። ነገሩ የሚጀምረው ከጥንቷ ግብፅ ነው።

ግብፆች ዓመቱን ባለ 30 ቀን 12 ወራት አድርገው መጨረሻው ላይ 5 ቀን ጨመሩ፤ 365 ሆነ። ወቅቶች ግን ዞረው የሚመለሱት በ365 ቀን ከ6 ሰዓት ገደማ ነው። ያቺ ያልተቆጠረች ሩብ ቀን በ4 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ትሞላለች። ለምሳሌ የዓባይ ሙላት በአንድ ወር 1ኛ ቀን ጀመረ እንበል። ከ120 ዓመት በኋላ ሙላቱ ያው በወቅቱ ሲመጣ፣ በአቆጣጠሩ ግን የሚቀጥለው ወር ገብቷል። ማንም ሰው በዕድሜው ብዙም አያስተውለውም፤ ስህተቱ ለዘመናት የቆየውም ለዚህ ይመስላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ዓመት፣ በግብፁ ንጉሥ ጵጦሌሜዎስ 3ኛ ዘመን፣ በየ4 ዓመቱ 6ኛ ቀን እንዲጨመር ቢታወጅም አልጸናም። የጸናው በሮማው አውግስጦስ ዘመን ነው። የኛም አቆጣጠር ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል።

እርግጡ ይህ ነው፦ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም 6 ትሆናለች። 2015 እንዲያ ነበር፤ ቀጣዩ 2019 ነው።

ሌሎች አቆጣጠሮች ግን ይለያያሉ። የእስልምናው ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል በዓላቱ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ፤ የአይሁዱ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራል።