ኤክሰስ ምንድን ነው? የ180,000 ብር ጥገና ለምን 105,300 ብር ካሳ ይሆናል?

ኢንሹራንስ ካሳ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ በሕልሙም ይሰማዋል። «እኔ ያለኝ ሙሉ ኢንሹራንስ ነው፤ ታዲያ ለምን ሙሉውን አልከፈላችሁኝም?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ተናዶ ነው የሚመጣው። በእጁ የጋራዥ ፕሮፎርማ ይዟል፣ በሌላው እጁ የኛን የክፍያ ወረቀት ይዟል፣ ሁለቱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ አይገናኝም። በንዴቱ አልፈርድም። አረቦኑን ሲከፍል ይህንን ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ሰው አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው «ሙሉ» ከምትለዋ ቃል ነው። ሙሉ ዋስትና ሲባል የሚሸፈነው የአደጋ ዓይነት ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ግጭቱም፣ መገልበጡም፣ እሳቱም፣ ስርቆቱም። የሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ሰው የራሱን መኪና በራሱ ኪስ ያሠራል፣ ሙሉ ያለው ግን ኢንሹራንሱ ያሠራለታል። ቃሉ ይህንን ልዩነት ነው የሚናገረው። የሚወጣው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይከፈላል የሚል ቃል ግን ውሉ ውስጥ የለም።

ኤክሰስ ማለት በእያንዳንዱ አደጋ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው የጉዳቱ ድርሻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ዲዳክቲብል የምትሉት ማለት ነው። አንዳንዱ ውል ላይ ቁርጥ ያለ ብር ሆኖ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማችሁ ግን «ከጉዳቱ 10 ከመቶ፣ ከ5,000 ብር ላላነሰ» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ነው። ይህ ማለት የ20,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 10 ከመቶው 2,000 ቢሆንም ዝቅተኛው 5,000 ስለሆነ የሚቀነሰው 5,000 ነው። ጉዳቱ 4,000 ብር ከሆነ ደግሞ ምንም አይከፈልም። አሽከርካሪው ዕድሜው ትንሽ ከሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱ ገና አዲስ ከሆነ ተጨማሪ ኤክሰስ የሚጥል ውልም አለ፤ ልጃቸው ሲነዳ የተጋጨባቸው አባቶች ይህንን የሚያውቁት ከአደጋው በኋላ ነው።

«በእያንዳንዱ አደጋ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ሰኞ በር ላይ ያጫራችሁትን እና ሐሙስ አይሱዙ የገጫችሁን አንድ ላይ አድርጋችሁ ብታመጡ ሁለት አደጋ ነው፣ ኤክሰሱም ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። አንድ አደጋ ነው ብሎ ማመልከት ደግሞ የውሸት ማመልከቻ ነው፣ ካሳውን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል። አደጋውን የሚያየው ባለሙያ የዛገ ጭረትና ትኩስ ጭረት ለመለየት አይቸገርም።

ሁለተኛው ቅናሽ እርጅና ነው፣ ቢሮ ውስጥ ዲፕሪሲየሽን ይሉታል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ካሳ ሰውን ከአደጋው በፊት ወደነበረበት ቦታ ይመልሳል እንጂ ትርፍ አያስገኝም። የአሥራ አምስት ዓመት መኪና ላይ ተሰብሮ የነበረው አሮጌ መብራት ነው፤ የሚገጠመው አዲስ መብራት ነው። በመካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ውሉ በባለንብረቱ ላይ ይጥለዋል። ስንት ከመቶ እንደሚቀነስ በመኪናው ዕድሜ የሚወስን ሠንጠረዥ ወይም አንቀጽ ፖሊሲው ላይ ይኖራል፣ ጎማና ባትሪን የመሰሉ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ቅናሹ ጠንከር ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙ። እርጅና የሚቀነሰው ከአዲስ ዕቃ ዋጋ ላይ ነው። ከእጅ ዋጋ ላይ አይቀነስም፤ የላሜራ ሠራተኛ ድካም አያረጅምና። ሁለተኛው፣ የሚገጠመው ዕቃ ራሱ ያገለገለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሶማሌ ተራ የተገኘ ኦርጅናል ያገለገለ ኮፈን ከሆነ፣ የእርጅና ቅናሽ ምክንያት የለውም። አሮጌው በአሮጌ ነው የተተካው። በዚህ ዋጋ ላይ 20 ከመቶ ተቀንሶ ካያችሁ ጠይቁ፣ ስህተት ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፣ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው።

አንዲት ሴት ቪትዝ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት ኢንሹራንስ ስትገባ መኪናዋን በ1,200,000 ብር አስመዘገበች፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ዋጋ አደሰች። አንድ ቀን ከፊቷ የነበረው የጭነት መኪና ድንገት ቆመና ከኋላው ገባችበት። ጋራዡ ፕሮፎርማውን ሲያወጣ ፓራውልት 28,000፣ ኮፈን 35,000፣ የግራ መብራት 32,000፣ ራዲያተር 25,000 አለ። የዕቃው ድምር 120,000 ብር። ላሜራ፣ ቀለምና ገጠማ 60,000። ጠቅላላው 180,000 ብር።

መጀመሪያ እርጅና ይቀነሳል። በእሷ ውል በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ መኪና 20 ከመቶ ነው። ከ180,000ው ሳይሆን ከ120,000ው ላይ ይሰላል፣ 24,000 ይሆናል። 156,000 ቀረ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀው ነገር ነው። የካሳ ክፍሉ መኪናው በአደጋው ቀን ገበያ ላይ ስንት ያወጣ እንደነበር ያያል። 1,600,000 ሆኖ አገኘው። እሷ ያስመዘገበችው 1,200,000 ነው። እንግዲህ ከአራት እጅ ሦስቱን ብቻ ነው ዋስትና የገዛችው፣ አረቦንም የከፈለችው በዚያ ልክ ነው። ለቀረው አንድ እጅ ውሉ እሷን ራሷን እንደ ዋስ ይቆጥራታል። ስለዚህ ከ156,000ው ሦስት አራተኛው ብቻ ይከፈላል፣ 117,000። 39,000 ብር እዚህ ቦታ ላይ ጠፋ።

በመጨረሻ ኤክሰስ። 10 ከመቶ፣ ከ5,000 ላላነሰ። ከ117,000 ላይ 11,700 ይቀነሳል። የሚከፈላት 105,300 ብር ነው። ጋራዡ መኪናዋን የሚለቀው 74,700 ብር ከኪሷ ስትጨምር ነው ማለት ነው።

አሁን ሦስቱን ቅናሾች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ እርጅና 24,000፣ ከዋጋ በታች መመዝገብ 39,000፣ ኤክሰስ 11,700። እሷ ካሳ ክፍል መጥታ የምትጨቃጨቀው ስለ ኤክሰስ ነው። ስሙን የምታውቀው እሱን ስለሆነ። ትልቁን ገንዘብ የወሰደባት ግን በየዓመቱ ሳታየው የምታድሰው የመኪናዋ ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ይህ ክፍተት የብዙ ሰው ሆነ፤ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ሲሄድ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ቁጥር ባለበት ቆመ። ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም፣ መሐል ላይ ዋጋውን አሳድጎ ለቀሪዎቹ ወራት ብቻ ተጨማሪ አረቦን መክፈል ይቻላል። የአረቦን ምጣኔው 2 ከመቶ ነው ብንል 400,000 ብሩን ለመጨመር ለሙሉ ዓመት 8,000 ብር ነበር የሚያስወጣት። ይህንን ባለማድረጓ 39,000 ተቀነሰባት።

ለከፊል ጉዳት ይህንን ከዋጋ በታች የመመዝገብ ቅናሽ የማይጠቀም ውልም አለ። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ የራሳችሁን ፖሊሲ ነው እንጂ የጓደኛችሁን ታሪክ አይደለም። የቅናሾቹም ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። ኤክሰሷ ቁርጥ 10,000 ብር ነው እንበል። መጨረሻ ላይ ሲቀነስ 107,000 ይደርሳታል፣ ከሦስት አራተኛው ስሌት በፊት ሲቀነስ ደግሞ 109,500። 2,500 ብር በቅደም ተከተል ብቻ! ውሉ የትኛው ይቅደም እንደሚል አንብቡ፣ ዝም ካለም ለእናንተ የሚሻለውን ጠይቁ።

የጤና መድን ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መሥሪያ ቤታችሁ የገባላችሁ የሕክምና ዋስትና «ሠራተኛው 20 ከመቶ ይከፍላል» ካለ ያ የጋራ ክፍያ ነው፤ በሄዳችሁ ቁጥር ከሂሳቡ ላይ ድርሻችሁን ትከፍላላችሁ። አሜሪካ ላይ ሁለቱም ይደራረባሉ፦ የጤና ዲዳክቲብል የሚቆጠረው በዓመት ነው፣ እሱን ከሞላችሁ በኋላ ነው የመቶኛ ድርሻው የሚጀምረው። የመኪናው ዲዳክቲብል ግን እዚያም ቢሆን በየአደጋው ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፣ ጥር ላይ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሂሳቡ የሚያስደነግጠውም ቆጠራው ከዜሮ ስለጀመረ ነው።

ትንሽ ጉዳት ሲደርስ ማመልከት ያዋጣል ወይ የሚለውም በዚሁ ሒሳብ ይመለሳል። ጉዳቱ 9,000 ብር ነው እንበል። ኤክሰሱ 5,000 ሲቀነስ የሚደርሳችሁ 4,000 ነው። ያለ ካሳ ለቆየ ደንበኛ በእድሳት ጊዜ የሚሰጥ ቅናሽ አለ። አረቦናችሁ 30,000 ከሆነና 20 ከመቶ ቅናሽ ካላችሁ፣ በማመልከታችሁ የምታጡት 6,000 ብር ነው። እዚህ ላይ በራስ ማሠራት ይሻላል። ሌላ ሰው ሊጠይቃችሁ የሚችልበት ግጭት ከሆነ ግን፣ ካሳ ባትፈልጉም አደጋውን ለኢንሹራንሳችሁ አሳውቁ።

ጥፋተኛው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ከኪሳችሁ የወጣውን ዝም ብላችሁ አትተዉት። የራሳችሁ ኢንሹራንስ የከፈለውን እሱ ራሱ ከጥፋተኛው ወገን ያስመልሳል፤ እናንተ የተሸከማችሁትን ኤክሰስ ግን ካልጠየቃችሁ ላይጠየቅላችሁ ይችላል። የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና የጋራዡን ደረሰኝ ኮፒ ያዙ።

ቢሮ ስትሄዱ የክፍያው ወረቀት ላይ አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ካያችሁ አትፈርሙ። የምትፈርሙት ሰነድ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነው፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ቁጭ በሉና ዝርዝሩን ጠይቁ፦ የተፈቀደው የዕቃ ዋጋ ስንት ነው፣ የእጅ ዋጋ ስንት፣ እርጅናው ከየትኛው ላይ ስንት ከመቶ ተቀነሰ፣ የመኪናው የአደጋ ቀን ዋጋ ስንት ተባለ፣ ኤክሰሱ በመጨረሻ ነው ወይስ በመጀመሪያ። የገበያ ዋጋው ተጋኖ የተገመተ ከመሰላችሁ በዚያው ሰሞን የተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖችን ዋጋ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእኛዋ ሴት ምሳሌ 1,600,000 የተባለው 1,500,000 መሆኑ ቢታይ ድርሻዋ ከ75 ወደ 80 ከመቶ ያድጋል፣ የሚደርሳትም 112,320 ብር ይሆናል። ካልተስማማችሁ አቤቱታውን በጽሑፍ ለኃላፊው ስጡ፣ የገባበትን ቀን አስፈርሙበት። ከዚያ በላይ ከሄደ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ እዚያም ስትሄዱ የምትይዙት ያንኑ የተፈረመበትን ኮፒና የሒሳቡን ዝርዝር ነው።