ዴልታ ዜሮ ሆነ ማለት አደጋው ዜሮ ሆነ ማለት አይደለም

«ሁለት ኮል ሸጥኩ። በዴልታው ልክ አክሲዮን ገዛሁ። ከአሁን በኋላ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም አይነካኝም።»

ይነካል። በሁለቱም በኩል ይነካል። ይህን አባባል ኦፕሽን ከጀመሩ ሰዎች ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። የሚናገሩት በሙሉ ልብ መሆኑ ደግሞ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አደጋውን የተገላገሉት የሚመስላቸው ገና ሲጀምር ነው።

በቁጥር እንየው። አክሲዮኑ 100 ዶላር ነው እንበል። የተሸጡት ሁለት ኮሎች ለገዢያቸው አክሲዮኑን በ100 ዶላር የመግዛት መብት ይሰጣሉ፤ ስትራይክ ዋጋቸው 100 ነው ማለት ነው፤ እስከ ማብቂያቸው 30 ቀን ይቀራል። ገበያው የሚገምተው ዓመታዊ መዋዠቅ 30 በመቶ ነው። ወለድና የትርፍ ድርሻን ለጊዜው እንተዋቸው። በብላክ-ሾልስ ቀመር ስናሰላው እያንዳንዱ ኮል 3.43 ዶላር ገደማ ያወጣል። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሚወክል ሻጩ የተቀበለው በጠቅላላው 686 ዶላር ነው።

የኮሉ ዴልታ 0.517 ነው። አክሲዮኑ 1 ዶላር ሲጨምር ኮሉ 52 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ሁለት ኮንትራት የሸጠ ሰው እንግዲህ ለጊዜው 103 አክሲዮን እንደሸጠ ሰው ነው። 103 አክሲዮን ሲገዛ ይካካሳል። እስከዚህ ድረስ ስህተት የለም።

የሚረሳው ጋማ ነው። እዚህ 0.046 ነው፤ አክሲዮኑ 1 ዶላር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዴልታው ራሱ በዚህ ያህል ይቀየራል። በሁለት ኮንትራት ሲባዛ፣ በየዶላሩ ወደ 9 አክሲዮን የሚሆን ክፍተት ይፈጠራል። ትሬዲንግ ስክሪኑ ላይ `Gamma` ተብሎ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአንድ አክሲዮን ነው፤ በ100 እና በኮንትራቶቻችሁ ብዛት ማባዛቱን አትርሱ። ትንሽ መስሎ የሚታለፈው ሳይባዛ ስለሚነበብ ነው።

አሁን አክሲዮኑ በአንድ ጊዜ 105 ገባ እንበል። ኮሉ 6.57 ይሆናል። ሻጩ በሁለቱ ኮንትራቶች 628 ዶላር ይከስራል፤ 103ቱ አክሲዮኖች 515 ዶላር ያተርፋሉ። ልዩነቱ 113 ዶላር ኪሳራ ነው። ወደ 95 ቢወርድስ? ኮሉ 1.42 ይሆናል። በኮሎቹ 402 ዶላር ያተርፋል፤ በአክሲዮኖቹ 515 ይከስራል። አሁንም 113 ዶላር ኪሳራ።

ነገሩ ምትሃት የለውም። ዋጋው ሲወጣ የተሸጠው ኮል ዴልታ ያድጋል፤ 105 ላይ 146 አክሲዮን ያህል ሆኗል። እጁ ላይ ያለው ግን ያው 103 ነው። ሲወርድ ደግሞ የኮሉ ዴልታ ወደ 58 ይቀንሳል፤ 103 አክሲዮን አሁን ከሚያስፈልገው በላይ ነው፣ ያውም ዋጋው እየወረደ። ሻጩ በሁለቱም አቅጣጫ የተሳሳተ መጠን ይዞ ይገኛል። ግምቱን በእጅ ማስላት ይቻላል፦

```
0.5 × 0.046 × 200 × 5² = 115
```

ለውጡ በራሱ እንደሚባዛ ልብ በሉ። እንቅስቃሴው እጥፍ ሲሆን ኪሳራው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

በምላሹ ሻጩ የሚያገኘው የጊዜ ክፍያ ነው፤ ቴታ የሚባለው። በዚህ ምሳሌ በቀን 11.4 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድ የ5 ዶላር እንቅስቃሴ የአሥር ቀን ክፍያውን ጠራርጎ ይበላል። ሂሳቡ የሚተካከለው፣ ቅዳሜና እሁድም ሲቆጠር፣ በቀን 1.57 ዶላር አካባቢ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ሻጩ ያተርፋል፣ ከበለጠ ይከስራል። እንግዲህ ዴልታውን ዜሮ ያደረገ ሻጭ አክሲዮኑ ብዙ አይንቀሳቀስም ብሎ ተወራርዷል። ውርርዱ መጥፎ ነው አላልኩም። ውርርድ መሆኑን ግን ማወቅ አለበት።

«ዋጋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እያስተካከልኩ ከሄድኩ የጠፋው ይመለሳል።»

አይመለስም። ማስተካከል የሚሠራው ለሚመጣው ነው።

ሰውየው 105 ላይ 43 አክሲዮን ጨምሮ ገዛ እንበል፤ ዴልታው እንደገና ዜሮ ሆነ። ዋጋው ወደ 100 ተመለሰ። አሁን 43ቱ ትርፍ ናቸው፤ በ100 ይሸጣቸዋል። በ105 ገዝቶ በ100 ስለሸጠ 215 ዶላር ወጣበት። ምንም ሳይነካ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ወደ ጀመረበት ይመለስ ነበር። ኦፕሽን ሽጦ ሄጅ ማድረግ፣ ማለትም በአክሲዮን እያካካሱ መሄድ፣ በባህሪው ሲወጣ መግዛት፣ ሲወርድ መሸጥ ነው።

«እንግዲያው አልነካውም» የሚል ደግሞ አለ። ዋጋው ሳይመለስ ወደ 110 ቢቀጥልስ? ያልነካው ሰው ኪሳራ ወደ 406 ዶላር ይደርሳል። 105 ላይ 43 አክሲዮን የጨመረው ግን 191 ላይ ይቆማል። ማስተካከል ዋጋ የሚከፈልበት መድን ነው፤ ዋጋው ከተመለሰ ከፍላችሁ ቀረ፣ ከቀጠለ ጠቀማችሁ። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ትንሽ ይዞታ ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በማብዛት ነው። የማውቀው አንድ ሰው ልክ እንደዚህ ሁለት ኮል ሽጦ፣ ዋጋው በጥቂት ሳንቲም በተንቀሳቀሰ ቁጥር አራት አምስት አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ነበር። ኮሎቹ ዋጋ ቢስ ሆነው አለቁለት፤ ማለትም የፈለገው ሆነለት። ግን በኮሚሽኑ፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ ልዩነት እና በየምልልሱ በሚጥላት ገንዘብ የተቀበለው ሁሉ ተበልቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ዴልታው ቀኑን ሙሉ ዜሮ ነበር፤ ሂሳቡም ከዜሮ በታች።

የምመክረው ገደብ አስቀድሞ መወሰን ነው። በዚህ ምሳሌ ለምሳሌ 20 አክሲዮን፦ የተጣራ ዴልታው ከዚያ ካላለፈ አትንኩት። በየዶላሩ 9 አክሲዮን ስለሚፈጠር፣ 20 የሚሞላው ዋጋው ከ2 ዶላር ትንሽ በላይ ሲንቀሳቀስ ነው። መዋዠቁ 30 በመቶ የሆነ የ100 ዶላር አክሲዮን በአንድ የግብይት ቀን የሚያደርገው የተለመደ እንቅስቃሴ 1.9 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ገደቡን የሚነካው ከተለመደው ትንሽ የበዛ እንቅስቃሴ ነው። ጋማው ሲቀየር ገደቡንም እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን በማስተካከል አይፈታም። ገበያው ተዘግቶ አድሮ ጠዋት በ110 ከተከፈተ፣ መሃል ላይ የሚገዛበት ዕድል አላገኛችሁም። 406ቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። መዋዠቁ ራሱም በዚያው ከጨመረ ኮሉ የበለጠ ይወደዳል፤ ከላይ ያሉት ስሌቶች ሁሉ መዋዠቁ እንዳለ ቆሟል ብለው ነው።

«ዴልታ 0.50 ማለት ስትራይኩን የማለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው።»

ቅርብ ግምት እንጂ እኩል አይደሉም፤ በእኛው ምሳሌ ዴልታው 0.517 ሲሆን ቀመሩ የሚሰጠው ዕድል 48 በመቶ ነው።

«ፑት ዴልታው ኔጌቲቭ ስለሆነ ጋማውም ኔጌቲቭ ነው።»

አይደለም። ኮልም ሆነ የመሸጥ መብት የሚሰጠውን ፑት የገዛ ጋማው ፖዘቲቭ ነው፣ የሸጠ ኔጌቲቭ ነው።

«ማብቂያው ሲቃረብ የሚፈራ ነገር አይኖርም።»

ዋጋው ከስትራይኩ የራቀ ከሆነ እውነት ነው። ስትራይኩ አጠገብ ከሆነ ግን ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም። ሁለት ቀን ሲቀር የዚያው ኮል ጋማ ወደ 0.18 ይወጣል። በሁለት ኮንትራት በየዶላሩ 36 አክሲዮን ማለት ነው፤ ቀድሞ 9 ነበር። አክሲዮኑ 99 ላይ ሲሆን ሄጁ 66 አክሲዮን ይፈልጋል፣ 101 ላይ 135። ዋጋው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ሲመላለስ ብትከተሉት በየጊዜው ወደ 70 አክሲዮን በውድ ገዝታችሁ በርካሽ ትሸጣላችሁ። የቀናት ቁጥር ሲያንስ ገደቡን ማስፋት ወይም ኮሎቹን መልሶ ገዝቶ መውጣት ይሻላል። እኔ መውጣቱን እመርጣለሁ፤ የቀረችው ክፍያ ያን ጭንቀት አታዋጣም።

«ጋማው ከበዛብኝ አክሲዮን እጨምራለሁ።»

አክሲዮን ጋማ የለውም። ዴልታው ሁልጊዜ 1 ነው፤ ዋጋው የትም ቢሄድ አይቀየርም። መቶም ጨምሩ ሺህ፣ የጋማው ቁጥር አይነቃነቅም። ጋማን የሚቀንሰው የሸጣችሁትን መልሶ መግዛት ወይም ሌላ ኦፕሽን መግዛት ብቻ ነው።

ለሁለት ኮንትራት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ማብቂያው ያው የሆነ፣ ስትራይኩ 105 የሆነ ሁለት ኮል መግዛት። በዚሁ ግምት እያንዳንዱ 1.57 ዶላር ነው። ከተቀበላችሁት ላይ 314 ዶላር ይወጣል፤ 372 ይቀራል። ጋማው በየዶላሩ ከ9 አክሲዮን ወደ 1 ገደማ ይወርዳል። የሚቀረው ዴልታ 43 አክሲዮን እንደሸጠ ሰው ነው። አክሲዮን ካልያዛችሁ፣ አክሲዮኑ ወደ ሰማይ ቢወጣም ትልቁ ኪሳራ 628 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ታውቁታላችሁ፤ ያለ እንቅልፍ ስክሪን ላይ መተከል አይጠይቅም።

ዋጋ ይከፈልበታል። የቀን ቴታው ከ11.4 ወደ 1.5 ዶላር አካባቢ ይወርዳል፤ ጋማው ሲቀንስ አብሮት ይቀንሳል። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መያዝ አይቻልም። ጋማው ትንሽ ሆኖ ቴታው ብዙ የመሰላችሁ ይዞታ ካለ፣ ጋማውን በ100 ማባዛት ረስታችሁ ይሆናልና መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ማብቂያው ዕለት አክሲዮኑ በ100 እና በ105 መካከል ከተዘጋ፣ የሸጣችሁት ኮል ይፈጸምባችኋል፤ የገዛችሁት ግን ዋጋ ቢስ ሆኖ ያልቃል። በማግስቱ 200 አክሲዮን ያለ ምንም መከላከያ ሸጣችሁ ትገኛላችሁ። ስለዚህ ዋጋው እዚያ መሃል ከሆነ፣ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱንም ጎን በአንድ ትዕዛዝ ዝጉ።